አማካዩ የሸሸገው፦ የዑደት ጊዜንና የቆይታ ጊዜን ከሥራ ታሪክ መዝገብ ማስላትና ስርጭቱን ማንበብ

አንድ የሶፍትዌር ጥገና ቡድን «አንድ ሥራ በአማካይ በ8 ቀን ይጠናቀቃል» ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብ፣ ቁጥሩን የሚያነበው ኃላፊ እንደ ቃል ይወስደዋል። ጥያቄ ያስገባው ክፍልም ስምንቱን ቀን ቆጥሮ ይጠብቃል። ከዚያም አንዱ ሥራ በ2 ቀን ያልቃል፣ ሌላው ወር ይፈጃል፤ በ8 ቀን ያለቀውን ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስሌቱ ላይ የድምር ወይም የማካፈል ስሕተት የለም። ችግሩ ያለው ከስሌቱ በፊት በተወሰነው፣ ማለትም ሰዓቱ ከየት እስከ የት እንደሚቆጠር፣ ከስሌቱ በኋላ በተመረጠው፣ ማለትም በርካታ ጊዜያትን በአንድ ቁጥር በመወከሉ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም በአንድ ምሳሌ ይመረምራል። የምሳሌው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተዘጋጁ እንጂ ከአንድ ከታወቀ ድርጅት የተሰበሰቡ አይደሉም፤ ቅርጻቸው ግን በሥራ መከታተያ ሥርዓቶች ውስጥ ዘወትር የሚታየው ነው።

ሁለቱ ጊዜያትና ወሰኖቻቸው

የቆይታ ጊዜ (ሊድ ታይም) ሥራው ከተጠየቀበት ቅጽበት እስከ ተረከበበት ድረስ ያለው ነው። የዑደት ጊዜ (ሳይክል ታይም) ደግሞ ቡድኑ ሥራውን ከጀመረበት እስከ ጨረሰበት ያለው ነው። የመጀመሪያው ጠያቂው የሚኖርበት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ሠሪው የሚኖርበት ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያው ውስጥ ስለሚገኝ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሥራው ማንም ሳይነካው ወረፋ የጠበቀበት ጊዜ ይሆናል። ቃላቱ በተለያዩ መጻሕፍትና ሙያዎች በተለያየ ትርጉም ይገኛሉ። በፋብሪካ ምርት ዘርፍ ሳይክል ታይም የሚባለው በሁለት ተከታታይ ምርቶች መውጫ መካከል ያለው ጊዜ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ፤ ስለዚህ ማንኛውም ጥናት የሚጠቀምበትን ወሰን አስቀድሞ መግለጽ ይኖርበታል።

ትርጉሙ በወረቀት ላይ ግልጽ ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው መዝገቡ ሲከፈት ነው። እንደ ጂራ ያሉ ሥርዓቶች ለእያንዳንዱ ሥራ የለውጥ ታሪክ ያስቀምጣሉ፤ ሥራው ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ በተሸጋገረ ቁጥር ጊዜው፣ የቀድሞው ሁኔታና አዲሱ ሁኔታ ይመዘገባሉ። የሚከተለው የአንድ ሥራ ታሪክ ነው፦

```
2024-03-04  created
2024-03-18  To Do -> In Progress
2024-03-20  In Progress -> In Review
2024-03-22  In Review -> In Progress
2024-03-25  In Progress -> Done
2024-03-28  Done -> In Progress
2024-04-01  In Progress -> Done
```

ሥራው ተጀመረ፣ ለግምገማ ቀረበ፣ እርማት ተጠይቆበት ተመለሰ፣ ተዘጋ፣ ከ3 ቀን በኋላ ጉድለት ተገኝቶበት እንደገና ተከፈተ፣ በመጨረሻም ተዘጋ። የጀመረበትና ያለቀበት ቀን ሁለቱም ቢቆጠሩ (ማለትም በአንድ ቀን ተጀምሮ ያለቀ ሥራ 1 ቀን ፈጀ ቢባል)፣ ከመጀመሪያው `In Progress` እስከ መጨረሻው `Done` 15 ቀን ነው። ከመጀመሪያው `In Progress` እስከ መጀመሪያው `Done` 8 ቀን ነው። ከመጨረሻው `In Progress` እስከ መጨረሻው `Done` ደግሞ 5 ቀን ብቻ ነው። ሦስቱም ከአንድ መዝገብ የወጡ ናቸው፤ ሦስቱንም «የዑደት ጊዜ» ብሎ የሚጠራ ሪፖርት ማግኘትም አይገርምም።

ከሦስቱ የትኛው ይመረጥ? መልሱ ከጥያቄው ይመነጫል። ጠያቂው መቼ በእርግጥ የሚሠራ ነገር እንደሚያገኝ ለመተንበይ ከተፈለገ 15 ቀን ነው ትክክለኛው፤ በ25ኛው ቀን የተዘጋው ሥራ አላለቀም ነበርና። በአንዳንድ ቡድኖች ግን አንድ ካርድ ከወራት በኋላ ለፍጹም ሌላ ጉዳይ እንደገና ይከፈታል፤ ያን ጊዜ የመጨረሻውን መዝጊያ መውሰድ የ4 ቀን ሥራን የ120 ቀን ያደርገዋል። ምክንያታዊው መንገድ የመጀመሪያ ጅማሬንና የመጨረሻ መዝጊያን እንደ ደንብ ይዞ፣ ዳግም የተከፈቱትን ለይቶ መቁጠርና ረጅሞቹን አንድ በአንድ ማየት ነው። የማይመከረው ሦስተኛው ምርጫ ነው፤ ተደጋግሞ የተመለሰን ሥራ ፈጣን አስመስሎ ያቀርባልና፣ በጥራት ጉድለት የተነሣ የጠፋውን ጊዜ ከመዝገብ ይሰርዛል።

ታሪኩን በሚያነብ ፕሮግራም ላይ ጥቂት ወጥመዶች አሉ። ታሪኩ ለውጦችን ብቻ ስለሚይዝ ሥራው ሲፈጠር የነበረበት ሁኔታ ራሱን የቻለ መስመር የለውም፤ የሚታወቀው ከመጀመሪያው ለውጥ «የቀድሞ ሁኔታ» ነው። ለውጦቹ ከአዲስ ወደ አሮጌ ተደርድረው ሊመጡ ይችላሉና በጊዜ ቅደም ተከተል መደርደር ግድ ነው። የሁኔታ ስሞች በዓመታት ውስጥ ይለወጣሉ፤ ትናንት `In Progress` ይባል የነበረው ዛሬ `Development` ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በስም ፋንታ የሁኔታውን መለያ ቁጥር መከተል ይሻላል። በጂራ `resolutiondate` የተባለውን መስክ በቀጥታ መውሰድ ቀላል ቢመስልም፣ መስኩ ዳግም መከፈትን በራሱ አይተርክም፤ የሥራ ፍሰቱ ካልታዘዘ በቀር እንደገና የተከፈተ ሥራ የቀድሞውን የመዝጊያ ምልክት እንደያዘ ይቀራል።

ሰዓት ሌላው ጉዳይ ነው። መዝገቡ በዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት ከተቀመጠ፣ በኢትዮጵያ ከሌሊቱ 7፡30 የተዘጋ ሥራ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ባለፈው ቀን 22:30 ላይ ነው። በቀን ለሚቆጥር ስሌት ይህ አንድ ቀን ያጎድላል ወይም ይጨምራል፤ አብዛኛው ሥራ ከ5 ቀን በታች በሚያልቅበት ቡድን ደግሞ አንድ ቀን ቀላል አይደለም። ቀኑ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በእጅ የተጻፈበት መዝገብ ካለ፣ ከመቀነስ በፊት ሁለቱም ቀኖች ወደ አንድ ተከታታይ የቀን ቁጥር መለወጥ አለባቸው፤ ወርን ሁሉ 30 ብሎ ዓመትን 12 ወር አድርጎ የሚቀንስ ቀመር ጳጉሜን ሲሻገር 5 ወይም 6 ቀን ይጥላል።

ስሌቱ ራሱ አጭር ነው፦

```python
import math
from datetime import timezone, timedelta

EAT = timezone(timedelta(hours=3))

def cycle_days(changes):
    changes = sorted(changes)
    start = next((t for t, frm, to in changes
                  if to == "In Progress"), None)
    if start is None or changes[-1][2] != "Done":
        return None
    end = changes[-1][0]
    a = start.astimezone(EAT).date()
    b = end.astimezone(EAT).date()
    return (b - a).days + 1

def pct(days, p):
    d = sorted(days)
    return d[math.ceil(p * len(d)) - 1]
```

`None` የሚመልሰው ሁኔታ በዝምታ መታለፍ የለበትም። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛልና፦ ገና ያላለቁ ሥራዎችን፣ እንዲሁም ከ`To Do` በቀጥታ ወደ `Done` የተዛወሩትን። ሁለተኛው ዓይነት ሲበዛ ካርዶቹ ከሥራው ጋር አብረው አለመንቀሳቀሳቸውን ያመለክታል። ሌላው ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ሰው የተዛወሩ ብዙ ካርዶች ናቸው፤ አንድ ሰው ከሳምንታዊ ስብሰባ በፊት ሰሌዳውን ሲያስተካክል ማለት ነው። እንዲህ ባለ መዝገብ የሚሰላ የዑደት ጊዜ የሥራውን ሳይሆን የሰሌዳ ማስተካከያውን ልማድ ይለካል። ማንኛውም ትንተና ከመጀመሩ በፊት ይህንን መፈተሽ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ቸል ሲባል ግን ቀሪው ስሌት ሁሉ ዋጋ ያጣል።

የሃያ ሥራዎች ስርጭት

በ13 ሳምንት፣ ማለትም በ91 ቀን፣ አንድ ቡድን 26 ሥራ ጀመረ እንበል። ከዘመኑ በፊት የተጀመረ ሥራ አልነበረም። እስከ ዘመኑ መጨረሻ 20ዎቹ ተጠናቀቁ፤ 6ቱ ገና ክፍት ናቸው። የተጠናቀቁት 20 ሥራዎች የዑደት ጊዜ በቀን ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር የሚከተለው ነው፦

```
1 1 2 2 2 3 3 3 4 4 5 5 6 7 8 9 12 19 27 37
```

ድምሩ 160፣ አማካዩ 8.0 ቀን ነው። ሜዲያኑ፣ ማለትም ግማሹ ከበታቹ ግማሹ ከበላዩ የሚገኝበት ዋጋ፣ 4.5 ቀን ነው። ከ20ዎቹ 15ቱ በ8 ቀን ወይም ከዚያ በታች አልቀዋል፤ በትክክል በ8 ቀን ያለቀው ግን አንድ ብቻ ነው። «በአማካይ 8 ቀን» የሚለው አገላለጽ ለተለመደው ሥራ በጣም የረዘመ፣ ለከባዱ ሥራ ደግሞ በጣም ያጠረ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሁለቱንም አይገልጽም።

ይህ ቅርጽ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የዑደት ጊዜ በታች በኩል ወለል አለው፤ ከዜሮ ሊያንስ አይችልም። በላይ በኩል ግን ጣሪያ የለውም፤ ሥራ የሚያዘገዩ ምክንያቶችም (ፈቃድ መጠበቅ፣ የሌላ ክፍል ሥራ መጠበቅ፣ ባለሙያው ወደ ሌላ አስቸኳይ ጉዳይ መዛወር) እርስ በርስ ይደማመራሉ። ስለዚህ ስርጭቱ በግራ ተከምሮ በቀኝ ረጅም ጅራት ያወጣል። እንዲህ ባለ ስርጭት ላይ አማካይንና መደበኛ ልይይትን አጣምሮ ማቅረብ ምን እንደሚያስከትል ማየት ጠቃሚ ነው። የዚህ ናሙና መደበኛ ልይይት 9.4 ቀን ገደማ ነው። «8 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 9.4» ተብሎ ሲጻፍ፣ አንዳንድ ሥራ ከመጀመሩ ከአንድ ቀን በላይ ቀድሞ ያልቃል እንደማለት ይሆናል። ቀመሩ ለተመጣጠነ ስርጭት የሚጠቅም ልማድ ነው፤ እዚህ ቦታው አይደለም።

በፋንታው ፐርሰንታይል መጠቀም ይቻላል። 85ኛው ፐርሰንታይል የሚገኘው 20 በ0.85 ተባዝቶ፣ ማለትም 17ኛው ዋጋ ተወስዶ ነው፤ 12 ቀን ይሆናል። 95ኛው 19ኛው ዋጋ ነው፤ 27 ቀን። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የተለመዱ የስታቲስቲክስ ጥቅሎች በነባሪ ምርጫቸው በሁለት ዋጋዎች መካከል ስለሚያሰሉ፣ ለዚሁ 85ኛ ፐርሰንታይል 13.05 ሊሰጡ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከ17ኛውና ከ18ኛው ዋጋ (12 እና 19) መራራቅ ነው። አንዱ ዘዴ ከሌላው ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከ20 ሥራ ብቻ የተገኘ ቁጥርን በሁለት ነጥብ ቤት ማቅረብ የሌለ ትክክለኛነት ማስመሰል ነው። ከላይ ያለው `pct` በእርግጥ የተከሠተ ዋጋን ስለሚመልስ፣ ለአንባቢ ማስረዳቱም ይቀላል፦ «ከ20 ሥራ 17ቱ በ12 ቀን ወይም ከዚያ በፊት አልቀዋል»።

የስርጭቱ ዋነኛ ጥቅም ግን ትንበያ ብቻ አይደለም፤ ምክንያትን የት መፈለግ እንደሚገባ ያሳያል። ሦስቱ ረጅም ሥራዎች (19፣ 27 እና 37) በድምሩ 83 ቀን ፈጅተዋል፤ ይህም ከ160ው ከግማሽ በላይ ነው። የእነዚህ ሦስት ሥራዎች ታሪክ በየሁኔታው ሲከፋፈል፣ ከ83ቱ ቀን 61ዱ ያለፉት `Waiting for Approval` በሚባል ሁኔታ ላይ ሆኖ ይገኛል እንበል። ሥራው በእጅ የተያዘባቸው ቀናት 5፣ 7 እና 10 ብቻ ናቸው። ይህ የፈቃድ ጥበቃ ባይኖር ኖሮ አማካዩ ከ8.0 ወደ 4.95፣ 85ኛው ፐርሰንታይል ከ12 ወደ 8፣ 95ኛው ከ27 ወደ 10 ይወርድ ነበር። ሜዲያኑ ግን ምንም ሳይነቃነቅ 4.5 ላይ ይቀራል።

የሜዲያኑ አለመነቃነቅ ሁለት ትምህርት ይዟል። አንደኛ፣ አማካይን ትቶ ሜዲያንን ብቻ ማቅረብ ችግሩን አይፈታም፤ ጅራቱን ይበልጥ ይደብቀዋል። አማካዩ ቢያንስ በጅራቱ ተጎትቶ ነበር፤ ሜዲያኑ ጅራት መኖሩንም አይነግርም። ሁለተኛ፣ ይህ ቡድን ባለሙያዎቹን «ፍጠኑ» በማለት የሚያገኘው ጥቂት ነው። የተለመደው ሥራ እንደ ሆነ በ4 እና በ5 ቀን እያለቀ ነው። ጠያቂዎችን የሚያስመርረው ጥበቃ የሚወለደው ከቡድኑ ውጭ ባለ የፈቃድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህንን ከአማካዩ ብቻ ማየት አይቻልም፤ ከሁሉም ሥራ ላይ እኩል 3 ቀን የተቀነሰበት ቡድንና ሦስት ሥራዎቹ ከጥበቃ የተገላገሉበት ቡድን በአማካይ ረገድ ተመሳሳይ መሻሻል ሊያሳዩ ይችላሉና።

የቆይታ ጊዜ ስርጭት ከዚህ ይለያል፤ አነባበቡም ሌላ ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት መካከል የዑደት ጊዜያቸው 3 ቀን የሆኑ ሁለት ሥራዎች ቢወሰዱ፣ አንዱ በተጠየቀ በ5ኛው ቀን፣ ሌላው በ96ኛው ቀን ሊጠናቀቅ ይችላል። ልዩነቱ ከሥራው ክብደት አልመጣም፤ ቡድኑ ከወረፋው ማንን አስቀድሞ እንዳነሣ ብቻ ይናገራል። ስለዚህ የዑደት ጊዜ ስርጭቱ ጠባብ፣ የቆይታ ጊዜ ስርጭቱ ግን ሰፊ ሆኖ ከተገኘ፣ መመርመር ያለበት የወረፋ ደንቡ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው `created` የሚለው ቀን ሁልጊዜ እውነተኛ ጥያቄን ስለማያመለክት ነው። ብዙ ቡድኖች «አንድ ቀን እንሠራው ይሆናል» የሚሉትን ሐሳብ ሁሉ በዚያው ዝርዝር ያስቀምጣሉ። እንዲህ ባለ ቦታ የቆይታ ጊዜ መቆጠር ያለበት ቡድኑ ሥራውን እሠራለሁ ብሎ ከተቀበለበት ቀን ነው፤ ለዚህም ራሱን የቻለ ሁኔታ (ለምሳሌ `Selected`) በሰሌዳው ላይ ከሌለ፣ የኋላውን ታሪክ በግምት ከመሙላት ይልቅ ከዛሬ ጀምሮ መመዝገብ ይሻላል።

ያላለቁት ስድስት ሥራዎች

እስካሁን የተሰላው ሁሉ ያለቁትን 20 ሥራዎች ብቻ የተመለከተ ነው። አብዛኞቹ የሥራ መከታተያ ዘገባዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ። ስሌቱ ግን በዚህ መልኩ ሲቀር ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው፤ በአንድ ዘመን ውስጥ ለማለቅ ዕድል ያላቸው አጫጭር ሥራዎች ናቸውና፣ ረጅሞቹ ከናሙናው ውጭ የመቅረት ዕድላቸው ይበልጣል።

ክፍት የቀሩት 6 ሥራዎች እስከ ዘመኑ መጨረሻ ያስቆጠሩት ዕድሜ 2፣ 3፣ 5፣ 16፣ 31 እና 44 ቀን ነው። ስለ እያንዳንዳቸው የሚታወቅ ነገር አለ፦ 44 ቀን ያስቆጠረው ሥራ የዑደት ጊዜው ስንት እንደሚሆን ባይታወቅም፣ ከ44 እንደማያንስ ግን እርግጥ ነው። ይህን ያልተቋጨ ምልከታ መጣል ዕውቀትን መጣል ነው፤ እንዳለቀ አድርጎ በ44 መቁጠርም ስሕተት ነው። በጤና ምርምር የሕሙማንን የሕይወት ቆይታ ለመገመት የሚሠራበትና ኤድዋርድ ካፕላንና ፖል ማየር በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ለዚሁ ጉዳይ ይስማማል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ቀን ያንን ቀን ክፍት ሆነው ከደረሱት ሥራዎች ስንቱ ሳያልቁ እንዳለፉ ይሰላል፤ ከዚያም ድርሻዎቹ በተከታታይ ይባዛሉ። በ1ኛው ቀን 26 ሥራ ነበር፤ 2ቱ አለቁ፤ ያላለቀው ድርሻ 24/26 ነው። በ2ኛው ቀን ከ24ቱ 3ቱ አለቁ፤ ድርሻው 21/26፣ ማለትም 0.808 ሆነ። ዕድሜው 2 ቀን የሆነው ክፍት ሥራ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን ስለማይታወቅ ከቆጠራው ይወጣል፤ 3ኛው ቀን የሚጀምረው በ20 ሥራ ነው። ከእነዚህ 3ቱ ሲያልቁ 0.808 በ17/20 ተባዝቶ 0.687 ይሆናል። ስሌቱ በዚሁ መንገድ እስከ 37ኛው ቀን ይቀጥላል። ያልተቋጩት ሥራዎች «አለቀ» ተብለው ሳይቆጠሩ፣ ክፍት ሆነው በኖሩባቸው ቀናት ሁሉ ግን በአካፋዩ ውስጥ ቦታቸውን ይዘዋል።

ውጤቱ ከቀድሞው በእጅጉ ይለያል። ሜዲያኑ ከ4.5 ወደ 6 ቀን ያድጋል። በ12 ቀን ውስጥ የሚያልቀው ድርሻ 85 በመቶ ሳይሆን 72 በመቶ ገደማ ነው። በ27 ቀን 83 በመቶ ብቻ ይደረሳል፤ 85 በመቶ የሚታለፈው በ37ኛው ቀን ነው። ቡድኑ ያለቁትን ብቻ አይቶ «85 በመቶ በሚሆን እምነት በ12 ቀን» ብሎ ቃል ቢሰጥ፣ ከአራት ጠያቂዎች ከአንድ በላይ ቃሉ ሳይጠበቅለት ይቀራል።

በዚህ ግምት ጫፍ ላይ ግን መታመን አይገባም። በ37ኛው ቀን በቆጠራው ውስጥ የቀሩት ሁለት ሥራዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ድርሻው በአንድ ጊዜ በግማሽ ይወድቃል። «37» የሚለው ቁጥር አንድ ሥራ በሌላ ቀን ቢያልቅ ይለወጣል። በአንጻሩ «ከ12 ቀን በኋላ ከአራት ከአንድ በላይ ሥራ ገና ክፍት ነው» የሚለው አባባል በበርካታ ሥራዎች ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ይበልጥ ይጸናል። በሃያና በሠላሳ ሥራዎች ናሙና 95ኛውን ፐርሰንታይል ጠቅሶ መከራከር፣ በተለይም የአንዱን ሩብ ዓመት ከሌላው ጋር ማወዳደር፣ በአንድ ወይም በሁለት ሥራ ዕድል ላይ መከራከር ነው።

አማካዩ ሙሉ በሙሉ የማይጠቅም አይደለም፤ የራሱ ቦታ አለው። ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ሕግ፣ በሥርዓት ውስጥ ያሉት ሥራዎች አማካይ ብዛት ከመግቢያ ፍጥነታቸውና ከአማካይ ቆይታቸው ብዜት ጋር እኩል ነው ይላል፦ `L = λW`። ሕጉ የሚናገረው ስለ አማካይ ስለሆነ የአንድን ሥራ ዕጣ ለመተንበይ አያገለግልም፤ ስሌትን ለመፈተሽ ግን ይጠቅማል። በምሳሌው ያለቁት ሥራዎች 160፣ ክፍቶቹ 101፣ በድምሩ 261 የሥራ ቀን በ91 ቀን ውስጥ ተቆጥሯል። በአንድ ጊዜ በእጅ የነበረው ሥራ በአማካይ 2.87 ነው። የመውጫ ፍጥነቱ በቀን 20/91፣ ማለትም 0.22 ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል 13 ቀን ገደማ ይመጣል፤ ከመዝገቡ በቀጥታ የተሰላው አማካይ ግን 8 ነበር።

የሁለቱ አለመጣጣም ሕጉን አያፈርስም። ሕጉ የገባውና የወጣው በረጅሙ እኩል እንዲሆን ይጠይቃል፤ እዚህ 26 ገብቶ 20 ወጥቷል፤ በመካከልም ያላለቀ ሥራ እያረጀ ተከምሯል። ስለዚህ በ13 እና በ8 መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው ያለቁትን ብቻ የሚያይ ሪፖርት ምን ያህል እንደሳተ ነው። ማንም ቡድን የካፕላንና የማየርን ስሌት ሳያሠራ፣ በዚህ አንድ ማካፈል ብቻ አማካዩ ሊታመን እንደማይገባው መረዳት ይችላል።

ክፍት ሥራዎቹን ከስርጭቱ ጋር ማመሳከር ደግሞ የሩብ ዓመቱን መጨረሻ ሳይጠብቅ በየሳምንቱ ሊደረግ ይችላል። ዕድሜያቸው 2፣ 3 እና 5 የሆኑት በተለመደው ክልል ውስጥ ናቸው፤ ስለ እነርሱ መነጋገር አያስፈልግም። 16 ቀን ያስቆጠረው ካለቁት 20 ሥራዎች ከ17ቱ በላይ ኖሯል። በምሳሌው ከ12 ቀን ያለፉ ሥራዎች በሙሉ ስድስት ናቸው፤ ከእነርሱ እስከ ዘመኑ መጨረሻ ያለቁት ሦስቱ ብቻ ሲሆኑ የፈጠነውም 19 ቀን ወስዷል። እንግዲህ በ16ኛው ቀን ላይ ያለ ሥራ «አማካያችን 8 ስለሆነ ከአሁን አሁን ያልቃል» የሚባልለት አይደለም፤ ረጅም መቆየቱ ራሱ ገና እንደሚቆይ የሚያመለክት ማስረጃ ነው። መዝገቡ ሲከፈትም ይኸው ይታያል፦ የ16፣ የ31 እና የ44 ቀኖቹ ሥራዎች የመጨረሻ የተመዘገበ ሽግግር አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስቱም `Waiting for Approval` ላይ ቆመዋል።